የአንድ ገጽ ትእዛዝ፦ ለፍሪላንስ ጸሐፊ ብሪፍ እንዴት ይጻፋል?

«ስለ ቡናችን አንድ ጥሩ ጽሑፍ ጻፍልን፤ እስከ ዓርብ ይድረስልን።» ብዙ ፍሪላንስ ጸሐፊዎች ሥራ የሚቀበሉት እንዲህ ባለች አጭር የቴሌግራም መልእክት ነው። ላኪው ሥራ የበዛበት፣ ጸሐፊውንም ያመነ ሰው ነው። «ጸሐፊው እሱ አይደል? የሚያደርገውን ያውቃል» ብሎ ነው ያሳጠረው። ዓርብ ሲደርስ ጽሑፉም ይደርሳል። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ፍየል ጠባቂው ካልዲ አለ። ሁለተኛው ላይ ቡና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት መሆኑ ተጽፏል። ሦስተኛው ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይከተላሉ። መጨረሻው ላይ የድርጅቱ አድራሻና ስልክ ቁጥር ሰፍሯል።

ጽሑፉ የጎላ ስሕተት የለበትም፤ አማርኛውም ደህና ነው። ግን የድርጅቱን ስም አውጥተው የሌላ ቡና ሻጭ ስም ቢያስገቡበት ማንም ልዩነቱን አያውቅም። አሠሪው «ይሄ እኮ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው» ብሎ ይከፋዋል። ጸሐፊውም «ሌላ ነገር መቼ ጠየቃችሁኝ?» ብሎ ይከፋዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የታወቀ ነው፦ «ትንሽ አሻሽለው» የሚል መልእክት፣ ሁለተኛ ረቂቅ፣ ሦስተኛ ረቂቅ፣ በመጨረሻም የክፍያ ጭቅጭቅ።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥፋቱ የሚገኘው ከጽሑፉ በፊት፣ ትእዛዙ ላይ ነው። በማስታወቂያና በኅትመት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ትእዛዝ ብሪፍ ይሉታል። ብሪፍ ለጸሐፊው የሚሰጥ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሰነድ ነው። ጽሑፉ ለማን እንደሚጻፍ፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚገባ፣ በየትኞቹ ቃላት እንደሚፈለግ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ምን ምንጭ እንደሚጠቀምና በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚጻፍ ይናገራል።

እነዚህን ስድስት ነገሮች እንደ ቅጽ መሙላት ቀላል ነው። የሚከብደው ብሪፍ የውሳኔዎች ስብስብ መሆኑን መቀበሉ ነው። አሠሪው ሳይወስን ያለፈውን ነገር ሁሉ ጸሐፊው በግምት ይወስነዋል። ግምት ደግሞ ሁሉም ሰው ወደሚገምተው ቦታ፣ ወደ ካልዲና ወደ ፍየሎቹ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር «ይህንን ጽሑፍ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት።

ነገሩ በተግባር እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶና አሽጎ የሚሸጥ፣ አንድ ሱቅና አንድ ድረ ገጽ ያለው አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ባለቤቱ በድረ ገጹ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ይፈልጋል። ያንን የአንድ መስመር መልእክት ወደ አንድ ገጽ ብሪፍ እንለውጠው።

አንባቢው ማን ነው?

ባለቤቱን «ጽሑፉ ለማን ነው?» ብንለው «ለቡና ወዳዶች» ይለናል። ትንሽ ብንገፋው «ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 45 የሆኑ፣ በከተማ የሚኖሩ» ብሎ ይጨምራል። ይህ መልስ ለጸሐፊው ምንም አይጠቅመውም፤ አንድም ዐረፍተ ነገር እንዲያስቀር ወይም እንዲጨምር አያደርገውም። የአንባቢው መግለጫ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ከጽሑፉ ውስጥ የሚወጣውንና የሚገባውን ሲወስን ነው።

ጥሩው መልስ የሚገኘው ሱቁ ውስጥ ነው። ባንኮኒው ላይ የምትሠራውን ልጅ «ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁሽ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃት። ለገናና ለጥምቀት ከውጭ የመጡ ሰዎች ሊመለሱ ሲሉ ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ጥሬውን ልውሰድ ወይስ የተቆላውን?» ትለናለች። ከዚህ አንድ ጥያቄ ተነሥተን አንባቢዋን እንዲህ ልንጽፋት እንችላለን። ለበዓል ከሜሪላንድ መጥታ ከጥምቀት በኋላ የምትመለስ፣ ለራሷና ለሁለት ጓደኞቿ ቡና ልትይዝ የምትፈልግ፣ አፓርታማ ውስጥ የምትኖር፣ ቤቷ ውስጥ ስትቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው የሚጮህባት ሴት ናት።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት አጫጭር መስመሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው አንባቢዋ የምታውቀውን ይነግራል፦ ቡና ማፍላትም፣ መቁላትም፣ ሥነ ሥርዓቱንም ታውቃለች፤ እናቷ አስተምራታለች። ሁለተኛው የማታውቀውን ይነግራል፦ የተቆላ ቡና ምን ያህል እንደሚቆይና ጥሬ ቡና ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አታውቅም። ሦስተኛው አንብባ ስትጨርስ የምታደርገውን ይነግራል፦ ምን ዓይነት ቡና፣ መቼና ምን ያህል እንደምትገዛ ትወስናለች።

ይህ ሲጻፍ የሚሆነውን ልብ እንበል። ካልዲ ወጣ፤ አቦልና ቶናም ወጡ። ጸሐፊው እነሱን እንዲተው ማንም አልመከረውም፤ ለዚህች ሴት ስለ አቦል መንገር ጊዜዋን ማባከን እንደሆነ ግን ራሱ ያየዋል።

አንግል፦ ከርዕሰ ጉዳዩ ወደ ዐረፍተ ነገሩ

ብሪፎች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ ጉዳይ ይጻፍና አንግል እንደተሰጠ ይቆጠራል። «የቡና አያያዝ» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ በሥሩ መቶ ዓይነት ጽሑፍ ሊጻፍ ይችላል። አንግል ግን ከመቶዎቹ አንዱን ይመርጣል። ጋዜጠኞች የሚጠቀሙበት መፈተኛ ቀላል ነው፦ አንግሉ በአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነገር አለበት፤ ዐረፍተ ነገሩንም ሰምቶ «አይ፣ እኔ አልስማማም» ማለት የሚቻል መሆን አለበት። «የቡና አያያዝ» ከሚለው ጋር ማንም አይከራከርም። «አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ተቆልቶ ያልተፈጨ ቡና መውሰድ ይሻላል» ከሚለው ጋር ግን የሚከራከር አክስት በየቤቱ አለ። ጽሑፍ የሚነበበው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲይዝ ነው።

አንግሉ ከተጻፈ በኋላ ምክንያቱም በሁለትና ሦስት መስመር ይከተለዋል፤ ጸሐፊው ምን እንደሚያስረዳ እንዲያውቅ ነው። የተቆላ ቡናን የሚያበላሹት አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ናቸው። ፍሬው ሳይፈጭ ሲቀር አየር የሚያገኘው በውጭ ገጹ ብቻ ነው። ሲፈጭ ግን የሚጋለጠው ገጽ እጅግ ስለሚሰፋ መዓዛው በፍጥነት ይሄዳል። ለዚህ ነው ቆልቶ መፍጨቱን እዚያው ማድረግ የሚመከረው። ጥሬ ቡና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ነገር ግን መቁላት ለሚችል ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አሠሪ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የአንግሉን ወሰን። ሰውየው የሚፈልገው ለስድስት ወር የሚበቃ ቡና ከሆነ፣ መቁያ ቦታም ካለው፣ ምክሩ ይገለበጣል፤ ጥሬው ይሻላል። ድርጅቱ የሚሸጠው የተቆላ ቡና ስለሆነ ይህንን መጻፉ ሊያሳስበው ይችላል። ሆኖም አንባቢዋ ሞኝ አይደለችም። ሻጭ የራሱን ዕቃ ብቻ ሲያሞግስ ታውቀዋለች። ጽሑፉ «ለእርስዎ ጥሬው የሚሻልበት ጊዜ አለ» ብሎ በግልጽ ሲነግራት የቀረውን ምክር ታምነዋለች። ይህ የባለቤቱ ውሳኔ ስለሆነ በብሪፉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጸሐፊው በራሱ ድፍረት ቢጽፈው ረቂቁ ላይ ሊሰረዝበት ይችላልና።

በአንግሉ ሥር የሚቀር አንድ መስመር አለ፤ «የማይገቡ ነገሮች» የሚል። የካልዲ ታሪክ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት መግለጫ፣ የውጭ ምንዛሪ ገቢ፣ ከሌሎች ሻጮች ጋር የዋጋ ንጽጽር። ሰዎች ይህችን መስመር ይንቋታል። ከብሪፉ ሁሉ ብዙ ሥራ የምትሠራው ግን እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ጸሐፊውን ከተለመደው መንገድ የምታስወጣው እሷ ስለሆነች።

ጸሐፊው ሥራውን ሲጀምር አንግሉ ስሕተት ሆኖ ቢያገኘውስ? ቡና ቆይውን አነጋግሮ ሌላ እውነት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ብሪፉ «አንግሉ ካልሠራ ሳትጽፉ ደውሉ» ማለት አለበት። ይህ ካልተባለ ጸሐፊው ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ብቻ ይቀሩታል፦ የማያምንበትን መጻፍ ወይም ያልታዘዘውን መጻፍ።

ቁልፍ ቃላት፣ በአማርኛ

ቁልፍ ቃል ሰዎች ጉግል ላይ ሲፈልጉ የሚጽፉት ቃል ወይም ሐረግ ነው። ድርጅቱ የራሱን ምርት የሚጠራበት ስምና ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ባለቤቱ «ከፍተኛ ጥራት ያለው ልዩ ጣዕም ቡና» ይላል፤ ፈላጊዋ ግን «የተቆላ ቡና ስንት ጊዜ ይቆያል» ብላ ነው የምትጽፈው። ብሪፉ የእሷን ቃል መያዝ አለበት።

ቃላቱን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የጉግል መፈለጊያ ላይ «የተቆላ ቡና» ብለው ሲጀምሩ ከሥር የሚዘረዘሩትን ሐረጎች መመዝገብ አንድ መንገድ ነው። በድርጅቱ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ ላይ የመጡ ጥያቄዎችን እንደ ተጻፉ መገልበጥ ሌላው ነው። ድረ ገጹ የጉግል ሰርች ኮንሶል ካለው ደግሞ ሰዎች ምን ጽፈው ገጹን እንዳገኙ እዚያ ይታያል። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ዋናና ሦስት ወይም አራት ረዳት ሐረጎች ይመረጣሉ። ሃያ ቃላት የተደረደሩበት ብሪፍ የቱ እንደሚበልጥ አልወሰነም፤ ምርጫውን ለጸሐፊው ጥሎበታል ማለት ነው።

በአማርኛ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የፊደል አጻጻፍ። አንዱ ፈላጊ «ውጭ ሀገር» ይላል፣ ሌላው «ውጪ አገር»፣ ሦስተኛው «ውጭ አገር»። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በየሰዉ እጅ ይቀያየራሉ። ብሪፉ ሁለት ነገር መወሰን አለበት። አንደኛ፣ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሚከተለው አጻጻፍ የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ሌላው አጻጻፍ የግድ ካስፈለገ የት ይግባ? መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በንዑስ ርዕስ ወይም በሥዕል መግለጫ ላይ ነው። ይህ ሳይነገር ሲቀር ጸሐፊው አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል፤ አንባቢም እንደ ግዴለሽነት ያየዋል።

ብዙ ሰው በላቲን ፊደል yetekola buna ብሎም ይጽፋል፤ ውጭ ያደጉት ደግሞ በእንግሊዝኛ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ብሪፍ አዘጋጁ ራሱን መጠየቅ ያለበት የቃል ጥያቄ አይደለም፤ «አንባቢዋ በየትኛው ቋንቋ ታነባለች?» የሚለው ነው። ልጇ ከሆነች አንባቢዋ ምናልባት የሚያስፈልገው ሌላ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። አንዱን ገጽ ለሁለቱም ለማድረግ መሞከር ሁለቱንም ያሳጣል።

ቃላቱ የሚገቡበት ቦታም ይነገር፦ ዋናው ሐረግ በርዕሱ፣ በመጀመሪያው አንቀጽና በአንድ ንዑስ ርዕስ ላይ፤ ረዳቶቹ ዐረፍተ ነገሩ በራሱ በሚጠራቸው ቦታ ብቻ። «የተቆላ ቡና ሲገዙ የተቆላ ቡና አያያዝን የሚያውቅ የተቆላ ቡና ሻጭ ይምረጡ» ዓይነት ዐረፍተ ነገር አንባቢን ያባርራል። ጉግልም ቃላትን እንዲህ መደጋገምን በአይፈለጌ ይዘት መመሪያው ላይ በግልጽ አስፍሮታል። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምላስ የሚደናቀፍበት ቦታ ካለ ቃሉ ተጠቅጥቋል ማለት ነው።

ርዝመት

«ረዘም ያለ ጽሑፍ ጉግል ላይ ይቀድማል» የሚል እምነት በአሠሪዎች ዘንድ ተስፋፍቷል። ጉግል ግን ለይዘት አዘጋጆች በሰጠው መመሪያ ላይ የሚመርጠው የቃላት ብዛት እንደሌለ በቀጥታ ተናግሯል። ርዝመቱን የሚወስነው አንባቢዋ የምትፈልጋቸው መልሶች ቁጥር ነው። በእኛ ምሳሌ አራት ጥያቄዎች አሉ፦ ጥሬ ወይስ የተቆላ፣ ምን ያህል ይቆያል፣ እንዴት ይታሸጋል፣ ምን ይፈቀዳል። ለእያንዳንዱ ከ150 እስከ 200 ቃላት፣ ለመግቢያና ለመዝጊያ 100 ያህል ብንሰጥ ከ700 እስከ 900 ቃላት ይሆናል። ቁጥሩ እንዲህ ከሥራው ሲመነጭ ጸሐፊው የት እንደሚረዝምና የት እንደሚያጥር ያውቃል።

ከእንግሊዝኛ የተቀዳ የቃላት ቁጥርም ያሳስታል። «ስላልወሰደቻቸው» አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ሙሉ ሐረግ ነው። ስለዚህ በውጭ ድረ ገጽ ላይ 1,500 ቃል የሚባለውን ለአማርኛ ጸሐፊ እንዳለ ማዘዝ ከሚያስፈልገው በላይ እንዲጽፍ ማስገደድ ነው። ክፍያውም በቃል ከሆነ ጸሐፊው አጥርቶ ስለጻፈ ይቀጣል። ለእንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ጽሑፍ መክፈል ይሻላል።

ምንጭ

የምንጭ ክፍሉ «ጥናት ያድርጉ» ብሎ ካለፈ ጸሐፊው ሌሎች ድረ ገጾች የጻፉትን በሌላ ቃል ይደግመዋል። ጥሩ ብሪፍ ሦስት ነገር ይነግረዋል፦ ማንን እንደሚያነጋግር፣ ምን ሰነድ እንደሚያይና ምን ምንጭ እንደማይቀበል።

መነጋገር ያለበት የድርጅቱን ቡና ቆይ ነው። ጸሐፊው ሊያገኘው የሚችለው ከማንም የማይገኝ ነገር እሱ ዘንድ አለ፦ የትኛው ቡና ምን ያህል እንደሚቆላ፣ ከተቆላ በኋላ ጋዙ እስኪወጣ ለምን እንደሚጠበቅ፣ ማሸጊያው ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ጋዙን አስወጥታ አየር እንዳይገባ እንደምታደርግ። ብሪፉ ላይ ስሙና ስልኩ ይጻፍ፤ ለሰውየውም አስቀድሞ ይነገረው። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለ30 ደቂቃ ይጠብቅሃል» የሚል መስመር ከአሥር አገናኝ ይበልጣል።

ሰነዶቹን በተመለከተ፣ በዚህ ጽሑፍ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የመጓጓዣ ሕጉ ነው። ተጓዥ ስንት ኪሎ ቡና ይዞ መውጣት እንደሚችል በየሰዉ አፍ የሚዞር ቁጥር አለ፤ ደንቡ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ብሪፉ «የመውጫው ደንብ ከጉምሩክ ኮሚሽን፣ የመግቢያው ደንብ ከአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ገጽ cbp.gov በቀጥታ ይጣራ፤ የተጣራበት ቀን በጽሑፉ ላይ ይገለጽ» ይላል። አንዲት እናት ጽሑፉን አምና ቦሌ ላይ ቡናዋን ብትቀማ ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይሆንም። ስለ ቡና ምርት ለሚነሡ ነገሮች የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንና የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አሉ።

የማይቀበላቸውን ሲዘረዝር፦ ጸሐፊ የሌለው የኢንተርኔት ጽሑፍ፣ የሌላ ሻጭ ማስታወቂያና «ይባላል» ብሎ የሚያልፍ ቁጥር። ካልዲን እንደ ምሳሌ እንውሰደው። ብዙ ጽሑፎች ታሪኩን በዘጠነኛው መቶ ዘመን እንደተፈጸመ እውነት ያቀርቡታል። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው ቅጂ ግን እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በላቲን የታተመ ነው፤ እዚያም ላይ ካልዲ የሚል ስም የለም። አፈ ታሪክን አፈ ታሪክ ብሎ መጥራት ለአንድ ድርጅት ታማኝነት ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም አንድ ሕግ ይበቃል፦ በረቂቁ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥርና ዓመት ከጎኑ ምንጩ በማስታወሻ ይጻፍ። ማስታወሻው ሲታተም ይወጣል፤ አራሚው ግን የሚፈትሽበት ነገር ያገኛል።

ቃና

«ወዳጃዊ ግን ሙያዊ» የሚል ትእዛዝ በብዙ ብሪፍ ላይ ይገኛል። አሠሪው የሚያስበውና ጸሐፊው የሚረዳው ወዳጅነት ግን ለየቅል ነው። በአማርኛ ቃናን የሚወስነው የመጀመሪያው ነገር ግሡ ነው። አንባቢውን «አስቀምጥ» እንለዋለን፣ «አስቀምጪ»፣ «አስቀምጡ» ወይስ «ያስቀምጡ»? ወይስ ማንንም ሳንጠራ «ይቀመጣል» እንላለን? በእኛ ምሳሌ አንባቢዎቹ ከሠላሳ እስከ ስድሳ ዓመት ድረስ ስለሚሆኑ «እርስዎ» ይመረጣል። ይህ ካልተወሰነ ጽሑፉ በ«እርስዎ» ተጀምሮ መሐል ላይ «አንተ» ይሆናል፤ እንዲህ የተዘበራረቁ ጽሑፎችን በየቀኑ እናያለን።

ከዚያ በኋላ ቃናው በቅጽል ሳይሆን በናሙና ይታይ። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፤ አንዱ የምንፈልገው፣ አንዱ የማንፈልገው።

የምንፈልገው፦ «ቡናውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጡት፤ እርጥበትና የሽንኩርት ሽታ ይይዛል።»

የማንፈልገው፦ «እንደሚታወቀው ቡና በአያያዝ ረገድ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻ ምርት እንደመሆኑ መጠን ተገቢው ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።»

ጸሐፊው ሁለቱን ሲያይ ማብራሪያ አይፈልግም። የመጀመሪያው የሚያደርጉትን ነገርና ምክንያቱን ይዟል፤ ሁለተኛው ምንም አልያዘም። ድርጅቱ የወደደው የቀድሞ ጽሑፍ ካለ አንድ አንቀጹን አያይዞ «ይህን የወደድነው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ከጎኑ መጻፍም በጣም ይረዳል።

ሙሉው ብሪፍ

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እናምጣው። ለጸሐፊው የሚላከው ገጽ ይህን ይመስላል።

- የሥራ ርዕስ፦ ወደ አሜሪካ ለመውሰድ ጥሬ ቡና ወይስ የተቆላ?
- አንባቢ፦ ለበዓል መጥታ ከጥምቀት በኋላ የምትመለስ፣ አፓርታማ ውስጥ የምትኖር። ቡና ማፍላትና መቁላት ታውቃለች። ቡናው ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚፈቀድ አታውቅም። አንብባ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደምትገዛ ትወስናለች።
- አንግል፦ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ተቆልቶ ያልተፈጨ ቡና ይሻላል። ወሰኑ፦ ለወራት የሚያስቀምጥና መቁያ ቦታ ያለው ሰው ጥሬ ይውሰድ፤ ይህንን በግልጽ ይጻፉት። አንግሉ ካልሠራ ሳይጽፉ ይደውሉ።
- የማይገባ፦ ካልዲ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የዋጋ ንጽጽር።
- ቁልፍ ቃላት፦ ዋናው «የተቆላ ቡና»። ረዳቶች «ጥሬ ቡና»፣ «ቡና ወደ ውጭ አገር መውሰድ»፣ «ቡና ምን ያህል ይቆያል»። አጻጻፍ፦ «ውጭ» እና «አገር»፣ ከላይ እስከ ታች።
- ርዝመት፦ ከ700 እስከ 900 ቃላት፣ አራት ንዑስ ርዕሶች።
- ምንጭ፦ ቡና ቆያችን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ 30 ደቂቃ። ጉምሩክ ኮሚሽን። cbp.gov። ለእያንዳንዱ ቁጥር የጎን ማስታወሻ።
- ቃና፦ «እርስዎ»። አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች። ናሙናዎቹ ተያይዘዋል።
- ጊዜና ክፍያ፦ ዝርዝር ሐሳብ ኅዳር 20፣ ረቂቅ ኅዳር 30፣ የሚወጣበት ቀን ታኅሣሥ 15። ክፍያው በጽሑፍ፤ አንድ ዙር እርማት ይጨምራል።

በዚህ ብሪፍ የሚጽፍ ሰው መግቢያውን ለማግኘት አይቸገርም። «ከጥምቀት በኋላ የሚመለሱ ከሆነ ቡናውን ዛሬ አይግዙ። ከጉዞዎ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት የተቆላ፣ ያልተፈጨ ቡና ይዘው ቢሄዱ መዓዛው ከእርስዎ ጋር ይደርሳል» ብሎ መጀመር ይችላል። ይህንን አንቀጽ የሌላ ቡና ሻጭ ገጽ ላይ ማግኘት ይከብዳል።

ረቂቁ ሲመለስ

የብሪፉ ጥራት የሚፈተነው ረቂቁ ሲመጣ ነው። አሠሪው የሚሰጠው እያንዳንዱ አስተያየት ወደ ብሪፉ አንድ መስመር ሊጠቁም ይገባል፦ «አንባቢዋ ይህን ታውቃለች»፣ «ይህ ቁጥር ምንጭ የለውም»፣ «እዚህ ላይ ወደ አንተ ተቀይሯል»። እንዲህ ያለውን እርማት ጸሐፊው ያለ ቅሬታ ይሠራዋል። አስተያየቱ ከብሪፉ ውስጥ ከሌለ፣ ለምሳሌ «ለካፌ ባለቤቶችም የሚሆን አድርገው» ከተባለ፣ እሱ እርማት አይደለም፤ አዲስ ትእዛዝ ነው፤ አዲስ ክፍያም ይገባዋል።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። አንዳንዱ አሠሪ አንዴ ከተጎዳ በኋላ አራትና አምስት ገጽ ብሪፍ ይጽፋል፤ የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ሳይቀር ያዝዛል። ጸሐፊውም ባዶ ቦታ እየሞላ ያስረክባል። ከቡና ቆዩ አፍ የሰማው ድንቅ ነገር የሚገባበት ቦታ ስለማያገኝ ይቀራል። ወሰኑን መያዝ የሚቻለው እንዲህ ነው፦ ብሪፉ ምን መመለስ እንዳለበት ይናገር፤ እንዴት እንደሚመለስ ለጸሐፊው ይተው። ምርጡ ቼክ ደግሞ ከረቂቁ በፊት የሚላከው የአምስትና የስድስት መስመር ዝርዝር ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ የተገኘ ስሕተት በአሥር ደቂቃ ይታረማል፤ ረቂቁ ላይ ከተገኘ ግን ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጽሑፍ የምታሠሩ ሁሉ፣ የሚቀጥለውን መልእክት ለጸሐፊ ከመላካችሁ በፊት አንድ ሰዓት ወስዳችሁ ይህንን አንድ ገጽ ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ ገና ያልወሰናችሁት ነገር አለ ማለት ነው፤ ያንን ውሳኔ ለጸሐፊው አትተዉበት። ጸሐፊዎችም ብሪፍ ሳይሰጣችሁ ሥራ ስትጠየቁ ራሳችሁ ጽፋችሁ «እንዲህ ልረዳው?» ብላችሁ ላኩ፤ «አዎ» የሚል መልስ ሳታገኙም አትጀምሩ።